ከሽንኩርት ማሳ ስር የሚጠፋው ውሃ

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው መንገድ መቂን አልፎ ባቱ (ዝዋይ) እስኪደርስ ድረስ በበጋ ግራና ቀኙ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ ነው። ሞተሩ ከሐይቁ፣ ከወንዙ ወይም ከጉድጓድ ውሃ ይስባል፤ ቱቦው ማሳው ራስ ላይ ይተፋዋል፤ አካፋ የያዘው ልጅ አንዱን ቦይ በጭቃ ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል። ውሃው የቦዩ ጫፍ ሲደርስ ከወዲያ ማዶ «ደርሷል፣ ዝጋው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። የካቲት ላይ፣ ትናንት የጠጣ ማሳ ዛሬ ላዩ ነጥቶ ሲታይ ደግሞ የሚባለው አንድ ነው፤ ውሃውን ፀሐይ ጨረሰው።

ፀሐይ ድርሻዋን ወስዳለች። ከፍተኛውን ድርሻ የወሰደው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፣ ያውም ከላይ ሳይሆን ከታች። የጠብታ መስኖ ሻጮችም ሆኑ ገዢዎች «ትነትን ይቀንሳል» ብለው ሲጀምሩ ነገሩን ከቀላሉ ጫፍ ይይዙታል። ጠብታና ቦይ በምን እንደሚለያዩ ለማወቅ መጀመሪያ ውሃ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ማየት ያስፈልጋል።

አፈር ውስጥ ውሃን የሚጎትቱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ክብደቱ ነው፤ ወደ ታች ብቻ ይወስደዋል። ሁለተኛው የአፈሩ ቅንጣቶች ውሃን ወደ ራሳቸው የሚስቡበት ኃይል ነው። ይህ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ አይመርጥም፤ ከእርጥቡ ወደ ደረቁ ይጎትታል። የኩራዝ ክር ጋዙን ሽቅብ የሚያወጣው በዚሁ ኃይል ነው። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ቀዳዳ በጠበበ ቁጥር ስበቱ ይበረታል። ስለዚህ አሸዋማ አፈር ላይ ክብደት ያሸንፋል፣ ውሃው ቁልቁል ይነጉዳል። ጭቃማ አፈር ላይ ደግሞ ውሃው ቀስ እያለ ወደ ጎንም ይሰፋል።

ዝናብ ወይም መስኖ አፈሩን ካጠገበው በኋላ በትልልቆቹ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውሃ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። በትንንሾቹ ውስጥ የቀረውን አፈሩ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ተክል የሚጠጣው ይህን ነው። ከዚህ መጠን በላይ የሚጨመር ውሃ አፈሩ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ከሥሩ አልፎ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሽንኩርት ችግር ያመጣል። ሥሩ አጭር ነው፤ አብዛኛው ከላይኛው 40 ሳንቲ ሜትር አይርቅም። መካከለኛ፣ ማለትም አሸዋም ጭቃም ያልበዛበት አፈር በዚህ ጥልቀት ውስጥ ለተክል የሚሆን ወደ 50 ሚሊ ሜትር ውሃ ይይዛል እንበል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሰንጠረዥ እንደሚያሳየው ሽንኩርት ከዚህ ውስጥ 30 በመቶው ሲያልቅ መጎዳት ይጀምራል። ይህም 15 ሚሊ ሜትር ነው። በስምጥ ሸለቆ የበጋ ፀሐይ አንድ ጎልማሳ የሽንኩርት ማሳ በቀን 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይጨርሳል። እንግዲህ ሽንኩርቱ በየሦስት ቀኑ፣ ግን በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት ይፈልጋል ማለት ነው።

ቦይ ደግሞ በጥቂቱ ማጠጣት አይችልም። ውሃው ጫፍ ለመድረስ በመጀመሪያ የመንገዱን አፈር ማጥገብ አለበት። የቦዩ ራስ ውሃው ከተለቀቀ ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ ይጠጣል፤ ጫፉ የሚጠጣው ውሃው ከደረሰለት በኋላ ነው። ጫፉ በቂ እንዲያገኝ የሚጠብቅ ገበሬ ራሱን ከልክ በላይ ማጠጣቱ ግድ ይሆናል። ለጫፉ ሳይጠብቅ ቢዘጋ ጫፉ ላይ ያለው ሽንኩርት ራሱ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ ገበያ ላይ በዋጋ ይታያል።

ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ማሳው በጠጣ ማግስት ከግንባታ የተረፈ ቀጭን ፌሮ ይዞ መግባት ይበቃል። ፌሮው እርጥብ አፈር ውስጥ በእጅ ግፊት ይገባል፤ ደረቁ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ከቦዩ ራስ እስከ ጫፉ በየጥቂት ርምጃው እየተከሉ ጥልቀቱን ምልክት ማድረግ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ክንድ ያህል ገብቶ ከቆመ፣ ራሱ ላይ ግን መላው ብረት ያለ ትግል ከሰመጠ፣ የነዳጁ ገንዘብ የት እንደገባ ተገኘ። ሌላም ምልክት አለ፤ ከውሃ መግቢያው አጠገብ ያለው ሽንኩርት ብዙ እየጠጣ ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ዩሪያው ከውሃው ጋር ከሥሩ በታች ታጥቦ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች ግን ተርቧል ብለው ሌላ ዩሪያ ይጨምሩለታል፤ የሚቀጥለው ውሃ እሱንም ይወስደዋል።

አሁን አንድ ሄክታር ሽንኩርት ወስደን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ሄክታር ላይ ሲዘረጋ 10 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 10,000 ሊትር ነው። ገበሬው ሞተሩን በተራ ስለሚያገኝ የሚያጠጣው በየአምስት ቀኑ ነው ብንል፣ በአምስት ቀን ማሳው 25 ሚሊ ሜትር ወይም 250 ሜትር ኩብ አጥቷል። ሽንኩርቱ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ተጠምቷል፤ እሱን ለጊዜው እንተወው። ፋኦ ለቦይና መሰል መስኖዎች የሚጠቀመው መነሻ፣ ማሳ ላይ ከተለቀቀው ውሃ ለተክሉ የሚደርሰው 60 በመቶው ነው የሚል ነው፤ ለጠብታ 90 በመቶ ነው። በዚህ መሠረት 250 ሜትር ኩቡን ለመተካት በቦይ ወደ 417፣ በጠብታ ወደ 278 ሜትር ኩብ መልቀቅ ያስፈልጋል። ልዩነቱ በአንድ ማጠጣት ወደ 140 ሜትር ኩብ ነው። በሰከንድ 10 ሊትር የምትስብ ትንሽ ሞተር ይህን ለማውጣት አራት ሰዓት ያህል ትሠራለች።

ከዚህ 140 ውስጥ ፀሐይ የወሰደችው ስንት ነው?

መጀመሪያ ቦዩ ውስጥ ሲፈስ የሚተነውን እንይ፤ ሰው ሁሉ የሚፈራው እሱን ነውና። በጠራራ ፀሐይ ክፍት ውሃ በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይተንም። ውሃው የማሳውን ሲሶ ሸፍኖ ሦስት ሰዓት ቢቆይ፣ በሄክታሩ ላይ የሚጠፋው ቢበዛ 10 ሜትር ኩብ ነው። ከ417 ውስጥ ይህ ኢምንት ነው። ሌሊት ማጠጣት ሌላ ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ በትነት በኩል የሚያተርፈው ግን ለእንቅልፍ እጦቱ የሚመጥን አይደለም።

ዋናው ትነት የሚመጣው ቦዩ ከደረቀ በኋላ፣ ከእርጥቡ አፈር ላይ ነው። ይህም በሁለት ደረጃ ይሄዳል። በመጀመሪያው ደረጃ አፈሩ ከታች ወደ ላይ ውሃ እያቀበለ ስለሚቆይ ፀሐይና ነፋስ የቻሉትን ያህል ይወስዳሉ፤ በቀን 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ። መካከለኛ አፈር ላይ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ከሄደ በኋላ፣ ማለትም በሁለተኛው ቀን ማብቂያ ገደማ፣ ላዩ ይደርቃል። ያኔ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው የውሃ ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው በደረቁ ሽፋን ውስጥ ሊያልፍ የሚችለው በእንፋሎት መልክ፣ በዝግታ ብቻ ነው። ትነቱ በአንድ ጊዜ ያሽቆለቁላል። ነጭቶ የሚታየው ላይኛው አፈር እንግዲህ ከስሩ ላለው ውሃ ክዳን ሆኗል። ሰው አይቶ የሚደነግጥበት ንጣት ትነቱ መብረዱን የሚያሳይ ነው።

ሽንኩርቱ ገና ትንሽ ሆኖ ጥላ በማይሰጥበት ጊዜ፣ ትነት በሚበረታበት ወቅት እንኳ ሒሳቡ የሚከተለውን ይመስላል። በቦይ ከማሳው ፊት 80 በመቶው ይርሳል እንበል። በሁለቱ ቀናት 10፣ በቀሩት ሦስት ቀናት ደግሞ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ከእርጥቡ ክፍል ይተናል፤ በማሳው ሁሉ ሲካፈል 11 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በጠብታ የሚርሰው የማሳው ሲሶ ቢሆንም በየቀኑ ስለሚጠጣ አይደርቅም፤ ክዳኑ አይበጅለትም። ሲሶው በቀን 5 ሚሊ ሜትር እየሰጠ በአምስት ቀን በማሳው ሲካፈል 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል። ልዩነቱ 3 ሚሊ ሜትር፣ ወይም 30 ሜትር ኩብ ነው። ቅጠሉ ሰፍቶ መሬቱን ሲሸፍን ይህም ይጠባል። ቁጥሮቹ እንደ አፈሩና እንደ አየሩ ይለዋወጣሉ፤ መጠናቸው ግን አይቀየርም። ከ140ው ውስጥ ከመቶ የማያንሰው ከሥሩ በታች የሰረገና ከጫፉ ፈስሶ የወጣ ነው።

ተክሉ ራሱ በቅጠሉ የሚያስተነፍሰው ውሃስ? እሱን ጠብታም አይቀንሰውም። ያ ውሃ ምርቱ የሚሠራበት ነው፤ ቅጠሉ አየር ለመሳብ ቀዳዳውን ሲከፍት ውሃው ይወጣል። እንዲያውም በጠብታ ያልተጠማ ሽንኩርት ከተጠማው የበለጠ ውሃ ያስተነፍሳል፣ ስለዚህም የበለጠ ያፈራል።

ጠብታ የሚያተርፈው ውሃውን በቱቦ ስለሚወስደው ነው። ራስና ጫፍ እኩል ያገኛሉ፤ አፈሩን ማጥገብ ሳያስፈልግ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ መስጠት ይቻላል። ሐሳቡን ለገበያ ያበቃው እስራኤላዊው መሐንዲስ ሲምሃ ብላስ ነው። በ1930ዎቹ ከሌሎቹ ተለይቶ የገዘፈ ዛፍ አይቶ ምክንያቱን ሲፈልግ ከሥሩ አጠገብ ጠብ ጠብ የሚል የውሃ ቱቦ ማግኘቱ ይነገራል። በ1965 ከሐጼሪም ኪቡትዝ ጋር ሆኖ ኔታፊም የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ሐሳቡ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ የቆየበት አንዱ ምክንያት ርካሽ የፕላስቲክ ቱቦ አለመኖሩ ነበር።

ከጠብታው ስር አፈሩን በአካፋ ሰንጥቆ ማየት ከብዙ ገለጻ ይሻላል። ላይ ላዩን የሚታየው መዳፍ የሚያህል እርጥብ ክብ ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። አሸዋማ መሬት ላይ እርጥቡ ክፍል ጠባብና ረጅም ሆኖ ቁልቁል ይወርዳል። ጭቃ በበዛበት አፈር ላይ ጥልቀቱ አጥሮ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ከአንድ ሜትር በላይ ሊደርስም ይችላል። የቱቦዎቹንና የጠብታዎቹን ርቀት የሚወስነው ይህ ቅርጽ ነው። ለጭቃ አፈር የተዘረጋውን ርቀት አሸዋ ላይ ቢወስዱት በሁለት ጠብታዎች መካከል ያለው ሽንኩርት ውሃው ሳይደርሰው ይቀራል። ያኔ ገበሬው ይደርስለት ብሎ ረጅም ሰዓት ይከፍታል፤ ውሃው ግን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ይሄዳል። ውድ ዕቃ ገዝቶ እንደ ቦይ ማባከን እንዲህ ነው።

መረሬ አፈር ለብቻው የሚታይ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የቦይ ውሃ በስንጥቁ ቀጥ ብሎ ይገባና አፈሩ ሲያብጥ በሩን ራሱ ላይ ይዘጋል። እንዲደርቅ ሳይፈቀድለት ጥቂት ጥቂት ቢሰጠው ስንጥቁ አይከፈትም። ነገር ግን ጠብታው ከፈጠነበት ላዩ ላይ ይቋጥርና ይፈሳል፤ በሰዓት አንድ ሊትር የምትሰጥ ጠብታ ለእንዲህ ዓይነቱ መሬት ትሻላለች።

ወደ ታች የሰረገው ውሃ ጠፍቶ የሚቀር መስሎ የሚታየው ከሆነ የመካከለኛው አዋሽ ታሪክ ይመለከተዋል። በአሚባራና በመልካ ሳዲ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ላይ ለዓመታት በቦይ የተለቀቀው ትርፍ ውሃ ከስር ተጠራቅሞ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ አደረገው። እርጥቡ ወደ መሬት ፊት ሲቀርብ ያው ወደ ደረቅ የሚጎትተው ኃይል ሽቅብ ያወጣው ጀመር። ላይ ሲደርስ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። ከፍተኛ ስፋት ያለው መሬት ነጭ ጨው ለብሶ ከእርሻ ወጥቷል። እዚያ ስርገትና ትነት ተባብረው ነው ጉዳት ያደረሱት፤ ውሃን ከልክ በላይ መስጠት መሬቱን በውሃ ብዛት ሳይሆን በጨው ያስመታዋል።

ጠብታም ከጨው ነጻ አይደለም። ውሃው ከጠብታው ወደ ውጭ ሲሄድ ጨውን እየገፋ የእርጥቡና የደረቁ ድንበር ላይ ያከማቸዋል። በጋውን ሙሉ እዚያ ተኝቶ ይቆይና የበልግ የመጀመሪያ ካፊያ ሲጥል ወደ ሥሩ ይመልሰዋል። ስለዚህ ካፊያ ሲጀምር ብዙዎች ቱቦውን ቢዘጉም፣ ጨዋማ ውሃ የሚጠቀም ገበሬ ግን ጠንከር ያለ ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ጠብታውን ክፍት ቢተወው ይሻለዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን መዘጋት ነው። የዝዋይ ሐይቅ ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ ነፋስ ደለሉን ያነሳዋል፣ ውሃው ድፍርስ ይሆናል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ሲደርቅ ነጭ ድንጋይ የሚሆን ማዕድን ይይዛል። የጠብታዋ ቀዳዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ማጣሪያው በየጊዜው ካልታጠበ ከጫፍ ያሉት ጠብታዎች ቀድመው ይዳከማሉ፣ ራስና ጫፍ ደግሞ ይለያያሉ። የቦይ ጉድለት ለዓይን ይታያል፤ ይህ ግን ሽንኩርቱ እስኪጠወልግ ተደብቆ ይኖራል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በራስ፣ በመካከልና በጫፍ ካሉ ጠብታዎች ስር ጉድጓድ ምሶ ኩባያ ማስቀመጥና ለ10 ደቂቃ መጠበቅ። በሰዓት አንድ ሊትር እንድትሰጥ የተሠራች ጠብታ 167 ሚሊ ሊትር ያህል መስጠት አለባት፤ ከሻይ ብርጭቆ ጥቂት ከፍ ይላል። ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ከተገኘ የቱቦውን ጫፍ ከፍቶ ማጠብ ነው።

ነዳጁም ቢሆን በውሃው ልክ አይቀንስም። ጠብታ ግፊት ይፈልጋል፤ 10 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ታንከር የሚወርድ ውሃ ያህል ግፊት ያለው መስመር የተለመደ ነው። ሞተሩ ያነሰ ሰዓት ቢሠራም በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ላይ የበለጠ ይደክማል።

ይህን ሁሉ ወጪ ለማይችል በመካከል ያለ መላ አለ፤ ቦይ እየዘለሉ ማጠጣት። ዛሬ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ይጠጣሉ፤ በሚቀጥለው ዙር የተዘለሉት። ውሃው ወደ ጎን ስለሚሳብ መደቡ ከአንድ ወገኑ ያገኛል፤ የሚርሰው የመሬት ፊት በግማሽ ይቀንሳል፣ ወደ ታች የሚሰርገውም ያንሳል። አሸዋ ላይ ውሃው ወደ ጎን ስለማይሄድ አይሠራም። ቦዩን ማሳጠርና ውሃውን ጠንከር አድርጎ ለቆ ጫፍ ሊደርስ ሲል ማሳነስም ዋጋ ሳያስወጣ የራስና የጫፍን ልዩነት ያጠባል።

የቀረው ጥያቄ የሐይቁ ነው። ከዝዋይ የሚተርፈው ውሃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ይፈሳል፤ አብጃታም ባለፉት አሥርት ዓመታት ክፉኛ ሸሽቷል። ሁሉም ገበሬ ወደ ጠብታ ቢዞር ሐይቁ ይተርፋል ወይ? ከሐይቁ አጠገብ ባለ ማሳ ከሥር የሰረገው መቶ ሜትር ኩብ ከፊሉ፣ ማዳበሪያውን ተሸክሞም ቢሆን፣ በከርሰ ምድር በኩል ወደ ጎረቤት ጉድጓድ ወይም ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ለገበሬው ኪሳራ ነው፤ ለአካባቢው ግን ሁሉም አልጠፋም። በእርግጥ ከሸለቆው የሚወጣው በትነትና በቅጠል በኩል ወደ አየር የሄደው ነው። አሁን ገበሬው በቦይ አንድ ሄክታር ያጠጣበት በነበረው 417 ሜትር ኩብ በጠብታ አንድ ሄክታር ተኩል ቢያለማስ? ከሐይቁ የሚስበው አልጨመረም። ወደ አየር የሚሄደው ግን ከ250 ወደ 375 ሜትር ኩብ ያድጋል፤ ወደ ሐይቁ ይመለስ የነበረውም ያንሳል። በስፔንና በአሜሪካ ምዕራብ ጠብታ በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ተመራማሪዎች ያገኙት ይህንኑ ነው፤ ማሳው ቆጥቦ ወንዙ ሲጎድል። ስለዚህ በሞተሩ ላይ የሚተከል ቆጣሪ ብቻውን የሐይቁን ነገር አይናገርም፤ ከእሱ ጋር ስንት ሄክታር እንደለማም መቆጠር አለበት።